ቡና ሲቆላ ያላሸተተ አፍንጫ

ጉንፋን መሰል ሕመም ታሞ የዳነ አንድ ሰው እናስብ። ትኩሳቱ ከለቀቀው ሦስት ሳምንት ሆኖታል። አፍንጫው ተከፍቷል፣ በደንብ ይተነፍሳል። እሑድ ጠዋት ቄጠማ ተጎዝጉዞ ቡና ይቆላል፤ የተቆላው ቡና ጢሱን እየለቀቀ ወደ እያንዳንዱ እንግዳ ይዞራል። ሌሎቹ ጢሱን በእጃቸው ወደ ፊታቸው እየሳቡ ያመሰግናሉ። እሱ ጢሱን ያየዋል፣ ሙቀቱም ፊቱን ይነካዋል፤ ሽታ የሚባል ግን የለም። ምሳ ሲቀርብ ወጡ ጨው እንዳለውና በርበሬው እንደሚያቃጥል ያውቃል፤ ዶሮ ይሁን ምስር ግን ዓይኑን ጨፍኖ መለየት አይችልም።

ይህ ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው አፍንጫው እንደተደፈነ ነው። ጉንፋን በያዘን ሰሞን ሽታ የሚጠፋን በአብዛኛው በዚያ ምክንያት ነው፤ ንፍጡና እብጠቱ አየሩን ስለሚያግዱ። አፍንጫው ተከፍቶም ሽታው ካልተመለሰ ግን ጉዳቱ ያለው ከመንገዱ ሳይሆን ከመድረሻው ነው።

መድረሻው በአፍንጫ ጣሪያ ላይ፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ባለው ከፍታ የተነጠፈ ስስ ሽፋን ነው። ከቴምብር ብዙም አይሰፋም። በውስጡ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የማሽተት ነርቮች አሉ። እያንዳንዱ ነርቭ ጫፉን ወደ አየሩ ዘርግቶ፣ ሌላኛውን ጫፉን እንደ ወንፊት በተበሳሳ አጥንት አሾልኮ ወደ አንጎል ይልካል። የሰው አፍንጫ 400 ያህል ዓይነት የሽታ መቀበያዎች አሉት። ሊንዳ በክ እና ሪቻርድ አክስል በ1991 እ.ኤ.አ. የእነዚህን መቀበያዎች ዘረመል በማግኘታቸው በ2004 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። አንድ ሽታ አንድ መቀበያ ብቻ አይነካም። የቡና ሽታ በመቶዎች የሚቆጠሩ ንጥረ ነገሮች ድብልቅ ነው፤ አንጎልም ብዙ ነርቮች በአንድነት የሚልኩትን መልእክት አዳምጦ «ቡና ነው» ይላል። በገና የሚደረድር ሰው ዜማውን በአንድ አውታር እንደማያወጣው ማለት ነው።

ኮሮና በተስፋፋበት በ2020 እ.ኤ.አ. ሽታ የጠፋው ሰው ሲበዛ፣ ተመራማሪዎች ቫይረሱ የማሽተት ነርቮችን በቀጥታ የሚያጠቃ መስሏቸው ነበር። የሃርቫርድ ሳይንቲስቶች በዚያው ዓመት ሽፋኑን ሲመረምሩ ሌላ ነገር አገኙ። ቫይረሱ ወደ ሕዋስ የሚገባበት በር በነርቮቹ ላይ ሳይሆን በዙሪያቸው ባሉት ደጋፊ ሕዋሳት ላይ ነበር። ደጋፊዎቹ ነርቮቹን አቅፈው የሚይዙ፣ የሚመግቡና አካባቢያቸውን የሚያጸዱ ናቸው። እነሱ ሲሞቱ ነርቮቹ ያለ አሳዳሪ ይቀራሉ፤ ሽታውን የሚይዙት ጸጉር መሰል ጫፎቻቸውም ይረግፋሉ።

ብዙ ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚድነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ደጋፊዎቹ ቶሎ ይተካሉ፣ ነርቮቹም ያገግማሉ። ጉዳቱ ጠልቆ ነርቮቹ ራሳቸው ከሞቱ ግን አዲስ መብቀል አለባቸው። በሽፋኑ ሥር ተኝተው የሚጠብቁ እናት ሕዋሳት ስላሉ የማሽተት ነርቭ በዕድሜ ልክ ከሚታደሱ ጥቂት ነርቮች አንዱ ነው። ሆኖም አዲሱ ነርቭ ማደግ፣ በተበሳሳው አጥንት ማለፍና በአንጎል ውስጥ ትክክለኛ ቦታውን ማግኘት ይኖርበታል። ይህ ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ከዓመት ያልፋል።

በዚህ መሃል ሕመምተኛውን የሚያስደነግጥ ነገር ይመጣል። ምንም አልሸት ያለው ቡና ድንገት የተቃጠለ ጎማ ወይም የበሰበሰ ነገር ይሸተዋል። የሚቁላላ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥብስና እንቁላልም እንዲሁ። በእንግሊዝ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቡናን ሽታ ወደ ንጥረ ነገሮቹ ከፋፍለው እንዲህ ላሉ ሰዎች ሲያሸትቷቸው፣ አብዛኞቹን ያስጠላቸው ቡናው ሲቆላ የሚፈጠር አንድ ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር መሆኑን አዩ። ለጤነኛ ሰው ይኸው ንጥረ ነገር የቡናን መዓዛ ከሚያሳምሩት አንዱ ነው። ከበገናው አውታሮች ጥቂቶቹ ብቻ ሲመለሱ ዜማው የተበላሸ ይመስላል። ይህ መዛባት ክፉ ቢሆንም፣ ከቫይረስ በኋላ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ነርቮቹ እየተመለሱ የመሆናቸው ምልክት ነው።

የማሽተት ልምምድ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በጀርመን የድሬስደኑ ሐኪም ቶማስ ሁመልና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 40 ሕመምተኞች ለ12 ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ አራት ሽታዎችን አሸተቱ፤ 16ቱ አላሸተቱም። የተለማመዱት የማሽተት ችሎታቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ተሻሻለ። ሽታዎቹ ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድና ባሕር ዛፍ ነበሩ፤ አንዱ የአበባ፣ አንዱ የፍራፍሬ፣ አንዱ የቅመም፣ አንዱ የሙጫ ወገን እንዲሆን ተብሎ ተመረጡ። አራቱም እኛ ቤት አሉ።

አሠራሩ ይህ ነው። ክዳን ያላቸው አራት ትንንሽ ብልቃጦች ያዘጋጁ። በአንዱ የተወቀጠ ቅርንፉድ፣ በሌላው የተፋቀ የሎሚ ልጣጭ፣ በሦስተኛው የተጨመቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ በአራተኛው ጥቂት የጽጌረዳ ዘይት ጠብ የተደረገበት ጥጥ ያድርጉ። ልጣጩና ቅጠሉ ቶሎ ስለሚደክሙ በየጥቂት ቀኑ ይለውጧቸው። ጠዋት ከቁርስ በፊትና ማታ ከመኝታ በፊት እያንዳንዱን ለ10 ሰከንድ ያህል በአጭር በአጭሩ፣ ሳይታገሉ ያሽትቱ፤ ከዚያ ትንሽ አርፈው ወደሚቀጥለው ይለፉ። ሲያሸትቱ ሐሳብዎ እዚያው ይሁን፤ ምንም ባይሸትዎ እንኳ ቅርንፉዱ ያለበትን ሻይ ያስታውሱ። ነርቩና አንጎሉ በተደጋጋሚ ሲቀሰቀሱ ግንኙነታቸው እንደሚጠናከር ተመራማሪዎች ያስባሉ፤ ስለዚህ ብልቃጡን ያለ ሐሳብ ከአፍንጫ ሥር ማሳለፍ ብቻውን አይበቃም። ዘይት ወደ አፍንጫ ውስጥ መጨመር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የቆሰለውን ሽፋን ያቃጥላል።

ወደዚያ እሑድ ሰውዬ እንመለስ። በየሳምንቱ ለአራቱም ከዜሮ እስከ 10 ነጥብ እየሰጠ ደብተር ላይ ይጽፋል። በመጀመሪያው ወር ባሕር ዛፉ ብቻ 2 ያገኛል፤ ይህ ግን ሊያታልለው ይችላል። ባሕር ዛፍ ከሽታው ሌላ አፍንጫን የሚያቀዘቅዝ ስሜት አለው። ይህን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ሌላ ነርቭ ነው፤ ዓይናችን በሽንኩርት ሲቃጠል የሚያሳውቀንም እሱ ነው። እውነተኛው ምልክት የሎሚውና የጽጌረዳው ነጥብ ከፍ ሲል ነው። በሁለተኛው ወር ቅርንፉዱ «የሆነ ነገር» ይሸተዋል፣ ስሙን ግን አያገኝም። በሦስተኛው ወር ሎሚውን ከጽጌረዳው ይለያል። ያኔ አያቆምም፤ ብልቃጦቹን በኮረሪማ፣ በጤና አዳም፣ በብርቱካን ልጣጭና በእጣን ለውጦ ይቀጥላል። ልምምዱን ረዘም ላለ ጊዜ ሽታ እየቀያየሩ የቀጠሉ ሰዎች የተሻለ ውጤት እንዳገኙ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ቶሎ የጀመረም ይጠቀማል።

ልምምዱ ሁሉንም አያድንም፤ የተመለሰውም ሽታ ሁልጊዜ እንደ ቀድሞው ሙሉ አይሆንም። ሽታው ያለ ምንም ጉንፋን ከጠፋ፣ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ከሆነ፣ ወይም በአንድ ወገን ብቻ ሆኖ ደም ካለበት መጀመሪያ የአንገት በላይ ሐኪም ያማክሩ።

ሽታው እስኪመለስ ድረስ ቤት ውስጥ ያለ ሌላ አፍንጫ ይዋሱ። ወጥ ከመበላቱ በፊት ሌላ ሰው ያሽትተው፤ የተሠራበትን ቀን ዕቃው ላይ ይጻፉ። የጋዝ ሲሊንደሩን ማታ ማታ ይዝጉ፤ ቱቦውንና መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ይፈትሹ፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ እየወጣ ነው።