ቆሞ የሚቀረው እግር

ሸረሪትን በንግግራችን የምናነሳት ለድሯ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ ስለ እግሯ የተተረተ ግን ሰምቼ አላውቅም። እኔም ስለ እግሯ ማሰብ የጀመርኩት ትንሽ የኮምፒውተር ጌም ለመሥራት ስሞክር ነው። የሸረሪት ሞዴል ነበረኝ፤ የአረማመድ አኒሜሽንም አብሮ ተሠርቶላታል። ለጥ ባለ ወለል ላይ ሳስኬዳት ግሩም ነበረች። ድንጋይ የተከመረበት ቦታ ስትደርስ ግን ሁለት እግሮቿ ድንጋዩ ውስጥ ሰጥመው፣ ሦስቱ አየር እየቀዘፉ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዷን ቀጠለች።

ጥፋቱ አኒሜሽኑን የሠራው ሰው አልነበረም። በተለመደው አሠራር ባለሙያው እያንዳንዱ እግር የት እንደሚነሳና የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ይወስናል፤ ኮምፒውተሩ ያንኑ ደጋግሞ ያጫውታል። እንደ ተቀዳ ዘፈን ነው፤ አንዴ ከተቀዳ በኋላ አዳራሹ ቢጠብም ቢሰፋም ያው ነው። የድንጋዩን ቦታ ደግሞ ባለሙያው ከየት ያውቀዋል? ስለዚህ ቀድቶ ማስቀመጡ ቀርቶ እንቅስቃሴው ሸረሪቷ እየሄደች በየቅጽበቱ ይሰላል። ሙያተኞቹ ፕሮሲጀራል አኒሜሽን ይሉታል። በ2017 የወጣው «ሬይን ወርልድ» የተባለው ጌም ውስጥ ያሉት እንስሳት በአብዛኛው የሚንቀሳቀሱት በዚህ መንገድ ነው።

ስለ መራመድ የነበረኝ ሐሳብ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። የእግር ሥራ መሄድ ይመስለኝ ነበር። ለካ ዋና ሥራው ቆሞ መቅረት ነው። ከወንበርዎ ተነስተው ቀስ ብለው እየተራመዱ ግራ እግርዎን ብቻ ይመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ላይ ተተክሎ ነው የሚያገኙት። የሚሄደው ሰውነትዎ ነው። ሰውነት ከእግሩ እየራቀ ሄዶ ርቀቱ ልክ ሲያልፍ እግሩ ይነሳና ይደርስበታል። የሸረሪቷም ፕሮግራም የሚጻፈው በዚሁ ሐሳብ ነው። እያንዳንዱ እግር ሁለት ነጥብ ይያዝለታል፤ አንዱ አሁን የረገጠበት ሲሆን መሬት ላይ ተቸንክሮ ይቀራል፣ ሌላው ሊረግጥበት የሚገባው ሲሆን ከሰውነቷ ጋር አብሮ ይጓዛል። ሁለተኛውን «የእግሩ ቤት» እንበለው።

ቤቱ የሚገኘው ጨረር በመወርወር ነው። ሬይካስት የሚባለው ይኸው ነው። ዓይን የሌለው ሰው በዱላው መሬቱን ነካ አድርጎ እንደሚያውቅ፣ ፕሮግራሙም ከእግሩ መደበኛ ማረፊያ በላይ ካለ ነጥብ ተነስቶ ወደ ታች የማይታይ ቀጥተኛ መስመር ይልካል። መስመሩ ምን እንደነካ፣ የት እንደነካና የነካው ገጽ ወዴት እንደሚያዘነብል መልስ ይመጣለታል። በዩኒቲ የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ውስጥ ነገሩ ይህን ያህል ብቻ ነው፦

```
if (Physics.Raycast(home + up * 1f, -up, out hit, 2f, ground))
    target = hit.point;
```

ከማረፊያው 1 ሜትር ከፍ ብለህ ጀምር፣ ወደ ታች 2 ሜትር ፈልግ፣ መሬት ከነካህ ነጥቡን ያዝ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው `ground` የምትባል ቃል ትንሽ ትመስላለች፤ እኔን ግን አንድ ምሽት አስመሽታኛለች። ጨረሩ የሚያየው መሬት የተባለውን ብቻ እንዲሆን የምታዝዘው እሷ ናት። እሷን ስረሳ ጨረሩ መጀመሪያ ያገኘው የሸረሪቷን የራሷን ገላ ነበር፤ እግሮቿ ጀርባዋ ላይ ለመውጣት ይፍጨረጨሩ ጀመር። ሌላም ወጥመድ አለ። ዩኒቲ ውስጥ ጨረሩ ከአንድ ነገር ሆድ ውስጥ ከተነሳ ያንን ነገር አይነካውም። ስለዚህ ከ1 ሜትር በላይ የሆነ ቋጥኝ ከፊቷ ሲመጣ የጨረሩ መነሻ ቋጥኙ ውስጥ ይገባል፣ ጨረሩ ቋጥኙን እንደሌለ ቆጥሮ ከሥሩ ያለውን መሬት ያገኛል፣ እግሩም ቋጥኙ ውስጥ ይሰጥማል። እንዲህ ያለውን ስሕተት በዓይን የሚያሳየው ጨረሮቹን በቀለም ማሳል ነው፤ ስምንቱን መስመሮች እያዩ ጥፋቱ የት እንዳለ ወዲያው ይታወቃል።

አሁን ልኩን እንወስን። የእኔ ሸረሪት ጭኗ 60 ሴንቲሜትር፣ ቅልጥሟ 70 ሴንቲሜትር ነው (በጌም ሸረሪት ሁልጊዜ ግዙፍ ናት)። የተረገጠው ነጥብ ከቤቱ ከ40 ሴንቲሜትር በላይ ሲርቅ እግሩ ይነሳል፣ በ0.15 ሰከንድ ውስጥ በአየር ላይ ቀስት ሠርቶ ያርፋል። የት ላይ ይረፍ? ቤቱ ላይ ካልን ሁልጊዜ ይዘገያል። ሸረሪቷ በሰከንድ 1 ሜትር ብትጓዝ እግሩ አየር ላይ እያለ ሰውነቷ 15 ሴንቲሜትር ይሄዳል፤ ቤቱም አብሮ ሸሽቷል። ስለዚህ ከቤቱ 30 ሴንቲሜትር አሳልፈን እናነጣጥራለን። ግማሹን ሰውነቷ ይበላዋል፣ እግሩ ከቤቱ 15 ሴንቲሜትር ቀድሞ ያርፋል። ፍጥነቷ ሲጨምር ይህም ቁጥር አብሮ መጨመር አለበት፤ አለዚያ ስትሮጥ እግሮቿን ወደ ኋላ እየጎተተች ነው።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ሸረሪቷ እንደ እንቁራሪት ዘለለች። ስምንቱም እግሮች እኩል ስለራቁ እኩል ተነሱ። መድኃኒቱ ከእውነተኛዋ ሸረሪት ተገኘ። እሷ ስትራመድ በአብዛኛው አራት አራት እግር እያፈራረቀች ነው፤ የግራ አንደኛና ሦስተኛ ከቀኝ ሁለተኛና አራተኛ ጋር ሲነሱ የቀሩት አራቱ ይሸከሟታል፣ ከዚያ ተራው ይገለበጣል። በፕሮግራሙ አንድ ደንብ ይበቃል፦ የሌላው ቡድን እግር አየር ላይ ከሆነ ጠብቅ። ይህችን ደንብ ስጨምር ነበር «ሸረሪት!» ያልኩት።

እስካሁን የተናገርነው ስለ እግሩ ጫፍ ብቻ ነው። ጫፉ ድንጋዩ ላይ፣ ዳሌው ሰውነቷ ላይ ተወስነዋል። ጉልበቱስ? የለመድነው ስሌት ከመገጣጠሚያዎቹ አንግል ተነስቶ ጫፉ የት እንደሚደርስ ይነግረናል። እዚህ ግን የምናውቀው ጫፉን ነው፤ የምንፈልገው አንግሎቹን። ወደ ኋላ ስለሚሰላ ኢንቨርስ ኪነማቲክስ ተባለ። ስሙ ያስፈራል እንጂ እግሩ ሁለት አጥንት ብቻ ካለው ነገሩ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ነው፤ ጭን፣ ቅልጥም፣ ከዳሌ እስከ ጫፍ ያለው ርቀት ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ሦስቱ ጎኖች ከታወቁ አንግሎቹን የኮሳይን ሕግ ያወጣቸዋል።

ዳሌዋ ከመሬት 50 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ጫፉ ለጥ ባለ መሬት ላይ ሆኖ በመካከላቸው 100 ሴንቲሜትር ቢኖር ጉልበቱ ወደ 100 ዲግሪ ይከፈታል። አሁን እዚያው ቦታ ላይ 20 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ እናስቀምጥ። ጫፉ ወደ ዳሌው ቀርቧል፤ ርቀቱ 92 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ጉልበቱ ወደ 89 ዲግሪ ታጠፈ። ድንጋዩን ረግጣ ጉልበቷን ሰብሰብ ስታደርግ የምናየው ውበት ይህቺ የ11 ዲግሪ ልዩነት ናት። ማንም አልሣላትም።

ሒሳቡ ሁለት ነገር አይነግረንም። ጉልበቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ቢታጠፍ ጎኖቹ ያው ናቸው፤ ስለዚህ ከእግሩ በላይ አንድ ነጥብ ተክለን «ጉልበትህን ወደዚህ አዙር» ማለት አለብን። ሁለተኛው ይብሳል። 60 እና 70 ሲደመሩ 130 ነው፤ ጫፉ 131 ሴንቲሜትር ርቆ ከሆነ እንዲህ ያለ ሦስት ማዕዘን በምድር ላይ የለም። ኮምፒውተሩ `NaN` ብሎ ይመልሳል፣ «ቁጥር አይደለም» ማለት ነው፣ እግሩም ከስክሪኑ ድንገት ይጠፋል። እግር ሲጠፋ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት ርቀቱ ከ130 በታች እንዲገደብ ማድረግ ነው፤ እግሩ ያን ጊዜ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል እንጂ አይጠፋም።

እውነተኛዋ ሸረሪት በአንድ እግር ሰባት ክፍል አላት። ክፍሎቹ ሲበዙ አንድ ሦስት ማዕዘን አይበቃም። በ2011 አንድሪያስ አሪስቲዱና ጆአን ላሰንቢ ያሳተሙት «ፋብሪክ» የተባለው ዘዴ አንግል ሳይቆጥር ያልፈዋል። መቁጠሪያ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጫፉን ወደሚፈልጉት ቦታ ቢጎትቱ ሌሎቹ ዶቃዎች ይከተላሉ፤ ሥሩ ግን ከቦታው ተነቅሏል። ሥሩን ወደ ቦታው መልሰው እንደገና ይጎትቷል። ጥቂት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ሲባል ሁለቱም ጫፎች ቦታቸውን ያገኛሉ። ለእኔ ሸረሪት ሁለቱ አጥንት በቂ ስለነበሩ አልተጠቀምኩበትም።

የቀረው ሰውነቷ ነው። ከፍታው የስምንቱ ጫፎች አማካይ ላይ 50 ሴንቲሜትር ተጨምሮ ይገኛል፤ የግራዎቹ ከቀኞቹ ከፍ ካሉ ደግሞ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። እዚህ ላይ ራሷን የምትነክስ እባብ አለች። ሰውነት ሲያዘነብል ጨረሮቹ አብረው ያዘነብላሉ፣ ቤቶቹ ይሸሻሉ፣ እግሮቹ ይነሳሉ፣ አማካዩ ይለወጣል፣ ሰውነት እንደገና ያዘነብላል። ሸረሪቷ ቆማ ሳለ ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። ያረጋጋኋት ሰውነቷ ወደ አዲሱ ከፍታና ዝንባሌ በአንድ ፍሬም እንዳይዘል፣ ቀስ ብሎ እንዲጠጋ በማድረግ ነው። ሲበዛ ደግሞ የሰከረች ትመስላለች፤ መጠኑን የሚወስነው ዓይን ነው።

መጨረሻ ላይ ገደል አፋፍ ወሰድኳት። የፊት እግሯ ጨረር 2 ሜትር ወርዶ ምንም አላገኘም። መጀመሪያ ላይ እግሩ በዚያው ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር። ኋላ፣ ጨረሩ ባዶ ሲመለስ ማረፊያውን ወደ ሰውነቷ 20 ሴንቲሜትር አስጠግቶ እንደገና እንዲሞክር፣ ካላገኘ ደግሞ አሁንም እንዲያስጠጋ አደረግሁ። እግሩ ወደ ባዶው ተዘረጋ፣ ተመለሰ፣ ቀረብ ብሎ ፈለገ፣ ሦስተኛው ላይ የድንጋዩን ጠርዝ ያዘ። ብዙ ሸረሪቶች የፊት እግራቸውን ዘርግተው ከፊታቸው ያለውን ይዳስሳሉ። የእኔዋ የምታደርገው ያንን አይደለም፤ ያልተሳካ ጨረር እየደጋገመች ነው። አጠገቤ ተቀምጦ ሲያይ የነበረው የእህቴ ልጅ ግን «ፈርታ ነው አይደል?» አለኝ።