ስሙም መጠኑም አንድ ነው፤ ፋይሉ ግን ሌላ

ሠርግ የሚቀርጽ አንድ ወዳጅ አለኝ። 60 ጊጋባይት የሚሆን የሠርግ ቪዲዮ አዲስ በገዛው ፍላሽ ላይ ገለበጠና ሚሞሪ ካርዱን ለቀጣዩ ሥራ ፎርማት አደረገው። ሳያጣራ አይደለም። ፋይሎቹን ቆጥሯል፣ መጠናቸውን አመሳክሯል፣ የመጀመሪያውን ከፍቶ ሙሽራው ከመኪና ሲወርድ አይቷል። ኤዲት ለማድረግ ሲቀመጥ ግን ከኬክ ቆረሳው ወዲህ ያለው ሁሉ አልከፈት አለው።

«ጋሼ፣ መጠኑ እኮ ልክ ነው!» አለኝ።

መጠኑማ ልክ ነበር። ፍላሹ ላይ 1 ቴራባይት ተብሎ ተጽፏል፤ ዋጋው ግን የትንሽ ፍላሽ ዋጋ ነው። እንዲህ ያለው ፍላሽ ውስጡ ያለው ቺፕ ትንሽ ሆኖ ሳለ ለኮምፒውተሩ «ትልቅ ነኝ» ብሎ እንዲዋሽ ተደርጎ የተሠራ ነው። ቦታው ሲሞላ አንዳንዱ የሚመጣለትን ዝም ብሎ ይጥላል፤ አንዳንዱ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ በቀድሞው ላይ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ «ተቀብያለሁ» የሚል መልስ ስለሚያገኝ ምንም ስህተት አያሳይም። የፋይሉ ስም፣ ቀንና መጠን ደግሞ የሚቀመጡት ከይዘቱ ተለይተው በማውጫ ላይ ነው። ወዳጄ ያየው ማውጫውን እንጂ ገጾቹን አልነበረም።

ገጾቹን የሚያይ ዘዴ ቼክሰም ይባላል። አንድ ስሌት ፋይሉን ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው አንብቦ አጭር አሻራ ያወጣለታል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት SHA-256 ነው፤ ፋይሉ አንድ ገጽ ደብዳቤም ይሁን የሦስት ሰዓት ፊልም፣ አሻራው ሁልጊዜ 64 ፊደልና አኃዝ ነው። የፋይሉን ስም ቢለውጡት አሻራው አይለወጥም። ይዘቱ በትንሹ ከተነካ ግን ጨርሶ ሌላ ይሆናል። `hello` የሚለው ቃል አሻራው በ`2cf24dba` ይጀምራል። የመጀመሪያዋን ፊደል ትልቅ አድርገው `Hello` ቢሉት፣ በኮምፒውተር ውስጥ የተለወጠው አንዲት ቢት ብቻ ሆና ሳለ፣ አሻራው በ`185f8db3` የሚጀምር ሌላ ነገር ይሆናል።

ከወዳጄ ጋር ያንኑ ፍላሽ ሞከርነው። ከኮምፒውተሩ 40 ጊጋባይት አሮጌ ቪዲዮ ገለበጥንበትና ለየፋይሉ ሁለት ጊዜ አሻራ አወጣን፤ አንዴ ከኮምፒውተሩ፣ አንዴ ከፍላሹ። ዊንዶውስ ላይ ምንም መጫን አያስፈልግም። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ እንዲህ መጻፍ ነው፦

```
certutil -hashfile D:\C0031.MP4 SHA256
certutil -hashfile E:\C0031.MP4 SHA256
```

የሚገርመው፣ ይህ የመጨረሻው ፋይል አሻራው ገጠመ! «ይኸው ደህና ነው» ብሎ ሊነሣ ሲል ያዝኩት። ኮምፒውተር አሁን የገለበጠውን ነገር ለጊዜው ራም ላይ ይዞ ይቆያል፤ ስንጠይቀው ፍላሹን ሳያነብ ከራሱ ትውስታ መለሰልን። ፍላሹን በሥርዓቱ አስወጥተን፣ ነቅለን፣ መልሰን ሰካንና ደገምነው። አሁን አልገጠመም። ወደ ኋላ እየሄድን ስናይ ከመጀመሪያው አንሥቶ 30 ጊጋባይት ገደማ እስኪደርስ ያሉት ሁሉ ገጠሙ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው አንድም አልገጠመም። ፍላሹ የ32 ነበር ማለት ነው።

ማክ ላይ ትእዛዙ `shasum -a 256`፣ ሊኑክስ ላይ `sha256sum` ነው። ጊዜው የሚወሰነው በንባብ ፍጥነቱ ነው፤ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት የሚያነብ ዲስክ 60 ጊጋባይቱን በ10 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። ስልሳ አራቱን ሁሉ በዓይን ማነጻጸር አሰልቺ ስለሆነ ብዙ ሰው መጀመሪያውንና መጨረሻውን ጥቂት ፊደል ብቻ ያያል። ለእንዲህ ያለ ብልሽት ይበቃል። ሆን ብሎ የሚያታልል ሰው ካለ ግን ሁሉንም ማየት ይሻላል። ኤም ዲ ፋይቭንና ሻ ዋንን የመሳሰሉ አሮጌ ስሌቶችንም ያኔ አለመጠቀም ነው፤ በ2017 የጉግልና የአምስተርዳም ተመራማሪዎች ይዘታቸው የተለያየ፣ የሻ ዋን አሻራቸው ግን አንድ የሆነ ሁለት ፒዲኤፍ ሠርተው አሳይተዋል።

አሻራ የማይናገረውም አለ። ሁለቱ ፋይሎች መለያየታቸውን ይነግራል እንጂ የትኛው እንደተበላሸ፣ የቱ ጋ እንደተበላሸ አይነግርም። ካርዱ ላይ ያለው ዋናው ራሱ ከተበላሸ ቅጂው የተበላሸውን በታማኝነት ይደግማል፤ አሻራውም ይገጥማል። በቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከ ሥዕልም ስለሚጨመቅ ለዓይን አንድ ቢመስልም አሻራው አይገጥምም። በፋይል መልክ ከተላከ ይገጥማል።

ወዳጄ አሁን ሁለቱን አሻራ ጎን ለጎን ሳያይ ካርድ ፎርማት አያደርግም። የዚያን ሠርግ ካርድ ግን፣ እኔ ዘንድ ሲመጣ፣ ሌላ ሠርግ ቀርጾበት ነበር።