ሽንት ፀሐይ ላይ ሲጠቁር

በ1940ዎቹ አጋማሽ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስት ዴቪድ ሼሚን ኒውዮርክ ውስጥ በሦስት ቀን ገደማ 66 ግራም ግላይሲን ዋጠ። ግላይሲን ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች ሁሉ ትንሿ ናት፤ ሥጋም ውስጥ አለች፣ ሽሮም ውስጥ አለች። የሼሚን ግላይሲን ግን ምልክት ተደርጎባት ነበር፤ ናይትሮጅኗ ከተለመደው ትንሽ ይከብዳል። ከዚያ ለወራት ከራሱ ክንድ ደም እየቀዳ ያ ከባድ ናይትሮጅን የት እንደገባ ተከታተለ። ያገኘው ደምን ቀይ በሚያደርገው ነገር ውስጥ ነው፤ በሂም ውስጥ። ምልክቱ እዚያው አራት ወር ያህል ቆይቶ መቀነስ ሲጀምር፣ ሰውዬው የቀይ ደም ሴልን ዕድሜም እግረ መንገዱን ለካ፤ 120 ቀን ገደማ።

ሂም ጠፍጣፋ ቀለበት ነው። አራት ትንንሽ ቀለበቶች ተያይዘው አንድ ትልቅ ቀለበት ይሠራሉ፤ መሐል ላይ አንዲት የብረት አቶም ትቀመጣለች። ስንተነፍስ ኦክስጅን የሚያርፈው በዚች ብረት ላይ ነው። ሰውነታችን ከሚሠራው ሂም ከአምስት አራት እጅ በላይ የሚሆነው የሚሠራው መቅኒ ውስጥ ሲሆን ወደ ሄሞግሎቢን ይገባል። የቀረው በአብዛኛው ጉበት ውስጥ ተሠርቶ መድኃኒትና አልኮል ለሚፈጩ ኢንዛይሞች ይውላል። ይቺ የጉበት ድርሻ ትንሽ ብትሆንም ሰውን በሕመም የምታንከባልለው ግን እሷ ናት።

ሥራው ስምንት ደረጃ አለው፤ ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ኢንዛይም ተመድቧል። የመጀመሪያው ሚቶኮንድሪያ በሚባለው የሴል ምድጃ ውስጥ ይካሄዳል። ግላይሲን ምግብ ሲቃጠል ከሚገኝ አንድ ቁራጭ ጋር ትጣመርና አሚኖ ሌቩሊኒክ አሲድ ይወጣል፤ ሐኪሞች ባጭሩ ኤኤልኤ ይሉታል። ኤኤልኤ ከምድጃው ወደ ውጭ ወደ ሴሉ ፈሳሽ ይወጣል። እዚያ ሁለተኛው ኢንዛይም ሁለት ኤኤልኤ አገናኝቶ ፖርፎቢሊኖጅን፣ ባጭሩ ፒቢጂ፣ የሚባል ትንሽ ቀለበት ይሠራል። ሦስተኛው አራት ፒቢጂ እንደ ጨሌ በአንድ ክር ይሰካል። አራተኛው የክሩን መጨረሻ ቀለበት ገልብጦ ጫፍና ጫፉን ይገጥማል፤ ትልቁ ቀለበት የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። አምስተኛው፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው የቀለበቱን ዳር ይከረክማሉ፣ ያስተካክላሉ፤ በዚህ መሐል ሥራው ተመልሶ ወደ ሚቶኮንድሪያ ይገባል። ስምንተኛው ብረቷን መሐል ላይ ያስቀምጣል።

ከዚህ ሁሉ አንባቢው ሁለት ነገር ብቻ ቢይዝልኝ ይበቃኛል። አንዱ፣ ኤኤልኤ የሁለተኛው ደረጃ ጥሬ ዕቃ፣ ፒቢጂ ደግሞ የሦስተኛው ጥሬ ዕቃ መሆኑ ነው። ሌላው ፍሬኑ ነው። ጉበት ውስጥ የመጀመሪያውን ደረጃ የሚቆጣጠረው የመጨረሻው ምርት፣ ሂም ራሱ ነው። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ውስጥ የምትንሳፈፈውን ኳስ አስቡ፤ ውኃው ሲሞላ ከፍ ብላ ቧንቧውን ትዘጋለች፣ ሲጎድል ወርዳ ትከፍታለች። ሂም ሲበዛ የኤኤልኤ ምርት ይዘጋል፤ ሲያንስ ይከፈታል።

አሁን ሁለት ሕመምተኞች እንፍጠር። አንደኛው የ32 ዓመት ሰው ነው፤ ያረጁ የመኪና ባትሪዎችን ፈታትቶ እርሳሱን እያቀለጠ እንደገና ይሠራል። (በልጅነታችን የጻፍንበት እርሳስ ስሙን ከዚህ ብረት ቢወርስም ውስጡ ግራፋይት ነው፤ ማኘኩ ለዚህ በሽታ አይዳርግም።) የእርሳሱ ብናኝ በአፍንጫው ይገባል፤ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ሲቆርስ ደግሞ በአፉ ይገባል። ሁለተኛዋ የ26 ዓመት ሴት ናት፤ ጉንፋን ይዟት ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም፣ የወር አበባዋም ቀርቧል። ሁለቱም በአንድ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይደርሳሉ። ሁለቱንም ሆዳቸውን እንደ ገመድ የሚያጠማዝዝ ቁርጠት ይዟቸዋል፤ ሁለቱም ለቀናት አልተጸዳዱም። ሐኪሙ ሆዳቸውን ሲጫን ግን ለስላሳ ነው፤ ትርፍ አንጀት ሲቆጣ እንደሚሆነው አልደነደነም። ልባቸው በፍጥነት ይመታል። ሰውየው ከሰነበተ ወዲህ አንጓውን ወደ ላይ ማንሳት እየተሳነው ነው፤ የሴትየዋም ክንድ መዛል ጀምሯል።

እርሳስ በሰውየው ላይ የሚያደርገው እንዲህ ነው። ሁለተኛው ኢንዛይም የሚሠራው ዚንክ በአካሉ ይዞ ነው፤ እርሳስ ዚንኩን አፈናቅሎ ቦታውን ይይዛል። ኢንዛይሙ ሲቆም ኤኤልኤ ይከማቻል። እርሳስ ስምንተኛውንም ኢንዛይም ስለሚያውክ ብረት በቀለበቱ መሐል መግባት ያቅተዋል፤ በብረት ፋንታ ዚንክ ይገባል። ዚንክ የያዘው ቀለበት በቀይ ደም ሴል ውስጥ ታትሞ እስከ ሴሉ ሞት ይቆያል፤ ስለዚህ ያለፉት ሦስት አራት ወራት መዝገብ ሆኖ ያገለግላል። መዝገቡ ግን ብቻውን አይታመንም፤ በምግብ እጥረት ብረት ያነሰው ሰውም ያንኑ ዚንክ ያሳያል። እርሳስ ስለመኖሩ የሚያረጋግጠው ደም ውስጥ ያለውን እርሳስ ራሱን መለካት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ በዴሲሊትር 5 ማይክሮግራም ከደረሰ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ይመክራል። ሆድ የሚቆርጠውና ክንድ የሚሽመደመደው ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ በብዙ እጥፍ ሲያልፍ ነው፤ ቁርጠቱ እስኪመጣ የጠበቀ ሰው ብዙ ዘግይቷል ማለት ነው።

የሴትየዋ ታሪክ የሚጀምረው ከመወለዷ በፊት ነው። ከአንዱ ወላጇ የወረሰችው የሦስተኛው ኢንዛይም ጂን የተበላሸ ነው፤ የሌላው ወላጅ ደህና ስለሆነ ኢንዛይሙ በግማሽ አቅም ይሠራል። በሽታው አጣዳፊ ተመላላሽ ፖርፊሪያ ይባላል። የስዊድኑ ሐኪም ያን ቫልደንስትሮም በ1930ዎቹ በሰሜን ስዊድን ቤተሰቦች ላይ በስፋት አጥንቶታል። ግማሽ አቅም በሰላም ቀን ይበቃል፤ ጂኑን ከተሸከሙት አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ አይታመሙም። ነገር የሚመጣው ፍሬኑ ሲለቅ ነው። ረጅም ጊዜ እህል አለመቅመስ ጉበትን የመጀመሪያውን ደረጃ አጥብቆ እንዲሠራ ያነሳሳዋል። የወር አበባ ሆርሞኖችም እንዲሁ። አንዳንድ መድኃኒቶች ደግሞ ጉበት ብዙ መድኃኒት ፈጪ ኢንዛይም እንዲሠራ ያደርጋሉ፤ ያ ኢንዛይም ሂም ስለሚበላ ሮቶው ይጎድላል፣ ኳሷ ትወርዳለች። ኤኤልኤና ፒቢጂ ይጎርፋሉ፤ ግማሹ የተዘጋው ሦስተኛ በር ግን አያሳልፋቸውም።

ይህን ደቡብ አፍሪካ በከባዱ አይታዋለች። በ1688 ኬፕ ውስጥ ከተጋቡ የሆላንድ ሰፋሪዎች ጥንድ የወረደ የሰባተኛው ኢንዛይም ጉድለት በትውልድ ተባዝቶ ሺዎች ዘንድ ደረሰ። ሐኪሙ ጄፍሪ ዲን ሰንሰለቱን ቤተሰብ በቤተሰብ እየቆጠረ እስከ እነዚያ ጥንዶች ተከትሎታል። ተሸካሚዎቹ ለዘመናት እጃቸው በፀሐይ ቶሎ ከመቁሰሉ በቀር ብዙ አልተቸገሩም፤ ትልቁ ቀለበት ከተገጠመ በኋላ የሚከማቹት ፖርፊሪኖች ብርሃን ሲነካቸው ቆዳን ያቆስላሉና። ባርቢቹሬት የሚባሉት የማደንዘዣና የእንቅልፍ መድኃኒቶች በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲስፋፉ ግን ነገሩ ተለወጠ። በሆድ ቁርጠት ቀዶ ጥገና ክፍል የገቡ ሰዎች ከማደንዘዣው በኋላ ሽባ ሆነው ወጡ፤ የሞቱም አሉ።

ወደ ሁለቱ አልጋዎች እንመለስ። አንደኛው በር ሁለት ላይ፣ ሌላዋ በር ሦስት ላይ ታግደዋል፤ ሕመማቸው ግን አንድ ነው። ለምን? ሁለቱም ዘንድ የሚከማቸው ኤኤልኤ ስለሆነ ነው። ፒቢጂ የሚከማቸው እሷ ዘንድ ብቻ ነው። የሁለተኛው ኢንዛይም ጉድለት በውርስ የሚመጣበት እጅግ ብርቅ ፖርፊሪያም አለ፤ ያም ያለ ፒቢጂ ያንኑ ቁርጠትና ሽባነት ያመጣል። ስለዚህ ጥርጣሬው ነርቭን በሚጎዳው ኤኤልኤ ላይ ያርፋል፤ ኤኤልኤ በአንጎል ውስጥ ነርቭን ከሚያረጋጋ አንድ ኬሚካል ጋር በቅርጽ ይመሳሰላልና። ምንጩ ጉበት መሆኑን ያረጋገጠው ደግሞ አሳዛኝ ገጠመኝ ነው። ጉበታቸው በጤነኛ ጉበት የተተካላቸው የፖርፊሪያ ሕመምተኞች ዳኑ። የእነሱ አሮጌ ጉበት ሌላ መዳኛ ላጡ ሰዎች ሲሰጥ ግን፣ ተቀባዮቹ በሕይወታቸው አይተውት የማያውቁት የፖርፊሪያ ቁርጠት ጀመራቸው።

ሁለቱን የሚለየው ሽንት ነው። ጤነኛ ሰው በቀን የሚሸናው ፒቢጂ ከ4 ሚሊግራም አያልፍም። በቁርጠቱ ጊዜ የሷ ከ20 እስከ 200 ሊደርስ ይችላል፤ የሱ ከተለመደው ብዙም አይርቅም፣ በር ሁለት የተዘጋበት ሰው ፒቢጂ ከየት ያመጣል? ሌላም ልዩነት አለ፤ እሱ ደሙ አንሷል፣ እሷ ደሟ ደህና ነው። እርሳስ መቅኒን ጭምር ሲመታ የሷ ችግር ግን ጉበት ውስጥ የታጠረ ነው።

ሕክምናቸውም በዚያው ይለያያል። ሰውየው በመጀመሪያ ከእርሳሱ ይራቅ፤ መጠኑ ከፍ ካለ እርሳስን ጠፍሮ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ይሰጠዋል። ከእርሳስ ሳይርቅ መድኃኒቱን ቢወስድ የሚያፈስስ ጀሪካን እንደመሙላት ነው። ለሴትየዋ መጀመሪያ የሚሰጠው ስኳር ነው፤ በቀን 300 ግራም ያህል ግሉኮስ የጉበቷን ጥድፊያ ያቀዘቅዛል። ዋናው መድኃኒት ግን ሂም ራሱ ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ 3 እስከ 4 ሚሊግራም፣ 60 ኪሎ ከሆነች እስከ 240 ሚሊግራም፣ በደም ሥር በቀን አንዴ ለአራት ቀን። የጎደለው ሮቶ ይሞላል፣ ኳሷ ከፍ ትላለች፣ የኤኤልኤ ጎርፍ ይቆማል። ቁርጠቱ ለሚደጋገምባቸው በ2019 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ጊቮሲራን የሚሠራው በዚያው ቦታ ነው፤ ጉበት የመጀመሪያውን ኢንዛይም እንዳይሠራ መልእክቱን ይቆርጣል።

የሴትየዋ ሽንት ከተቀዳ በኋላ መስኮት ሥር ከተረሳ ቀስ በቀስ እንደ ወፍራም ሻይ ይጠቁራል፤ ፒቢጂው በብርሃን ወደ ቀለምነት እየተለወጠ ነው። ነርሷ ጠቆረ ብላ ሐኪም ብትጠራ ጥሩ ምልክት አየች ማለት ነው። ለላቦራቶሪ የሚሄደው ናሙና ግን በተቃራኒው ከብርሃን ተሸፍኖ፣ በፎይል ተጠቅልሎ፣ ሕመሙ ሳይበርድ መድረስ አለበት። ቁርጠቱ ካለፈ በኋላ የተቀዳ ሽንት ፒቢጂው ዝቅ ብሎ ሊገኝና ደህና ነሽ ሊላት ይችላል። ከተረጋገጠ ወንድሟና እህቷም ይመረመራሉ፤ እያንዳንዳቸው ጂኑን የመያዝ ዕድላቸው ግማሽ በግማሽ ነው፣ ነገ የጥርስ ወይም የወሊድ ማደንዘዣ የሚመርጥላቸው ሐኪምም ይህን ቀድሞ ማወቅ አለበት።