በጀሪካን ክዳን ላይ የታሰረች ወረቀት

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው ሲዘለል ሮቶ ያለው ጎረቤት ደጅ መቆም ግድ ይሆናል። እኛ ኮንዶሚኒየም 9 ቀን ጠፋ። ከታች ፎቅ ያሉት እናት በየቀኑ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞሉልን። የምስጋና ወረቀት ስጽፍ «ስላደረጉልን ሁሉ» ብዬ ጀመርኩና ቀደድኩት፤ ማንም ለማንም ሊጽፈው ይችላላ! ሁለተኛው እንዲህ ወጣ፦

«እትዬ፣ በቀን 40 ሊትር ከራስዎ ቀንሰው ሰጡን። የሕፃኑ ጨርቅ የታጠበው በእርስዎ ውሃ ነው። ሮቶዎ ሲጎድል እንኳ በር አልዘጉብንም። እግዜር ይስጥልን።»

ገንዘብ አላስገባሁበትም፤ ውሃ የሸጡ እንዳይመስላቸው። ይልቅ ውሃው በመጣ ማግስት፣ መጀመሪያ የሚወርደውን ድፍርስ አሳልፌ፣ ጀሪካኖቹን አጥቤ ሞላኋቸው። ባዶ ዕቃ አይመለስም። ወረቀቷን አንዱ ክዳን ላይ አሰርኳት።