ባለ 75 ኪሎው ቀስት በባለ 25ቱ ለምን ይበለጣል?

ቢቸና ወይም ሞጣ ያደገ ሰው ደጋንን የሚያውቀው ከጥጥ ጋር ነው። የተዳመጠው ጥጥ እንዝርት ላይ ከመድረሱ በፊት በደጋን ይነደፋል፤ ጅማቱ ትንሽ ተስቦ ይለቀቃል፣ ይርገበገባል፣ ጥጡም ይፍታታል። የአደን ቀስትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እንጨቱን ስታጎብጡት ጉልበታችሁ እንጨቱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ስትለቁት ደግሞ ወደ ፍላጻው ይሻገራል። በቀድሞው ጎጃም፣ በመተከል፣ ጉሙዞች የሚያድኑበት ቀስት እንዲህ ያለ ነው።

ባለቃታ ቀስት የሚባለው ሌላ ነው። አጭርና ጠንካራ ደጋን እንደ ጠመንጃ ባለ ሰደፍ እንጨት ላይ አግድም ይታሰራል። የተሳበውን ጅማት አንድ ጥርስ ይዞ ያቆየዋል፤ ቃታው ሲሳብ ጥርሱ ይለቀዋል። ቻይናዎች ከ2,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ተዋግተውበታል፤ አውሮፓም በመካከለኛው ዘመን በሰፊው ይዞታል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልውሰዳችሁ። ብዙ ሰው «የሚከብደው ቀስት የበለጠ ይመታል» ብሎ ያስባል። እስኪ እናስላው። ተራው ቀስት እስከ መጨረሻው ሲሳብ 25 ኪሎ ይከብዳል እንበል፤ ጅማቱ ከማረፊያው እስከ ጉንጫችን ድረስ ግማሽ ሜትር ይጓዛል። ክብደቱ ከዜሮ ጀምሮ ቀስ በቀስ ስለሚጨምር፣ በመንገዱ ሁሉ በአማካይ የተሳበው የ25 ግማሽ፣ 12 ተኩል ኪሎ ነው። ይህን በግማሽ ሜትር ስናበዛው የተጠራቀመው ጉልበት 6 ኪሎ ከሩብ የሚመዝን ዕቃ አንድ ሜትር ወደ ላይ ከማንሳት ጋር ይተካከላል።

ባለቃታው ደግሞ 75 ኪሎ ይክበድ፤ ሦስት እጥፍ። ደጋኑ አጭር ስለሆነ ግን ጅማቱ የሚሳበው 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የ75 ግማሽ 37 ተኩል ነው፤ በ15 ሴንቲ ሜትር ሲበዛ 5 ኪሎ ከ600 ግራም ገደማ አንድ ሜትር እንደማንሳት ይሆናል። ሦስት እጥፍ ከብዶ ያነሰ ጉልበት አጠራቀመ! ጉልበት የክብደትና የመንገድ ብዜት ነው፤ መንገዱ ሲያጥር ክብደቱ ብቻውን አያድንም።

አውሮፓውያን የመንገዱን እጥረት በክብደት ሊያካክሱ ሄደው፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከ500 ኪሎ በላይ የሚከብዱ የብረት ደጋኖች ሠሩ። ያን በእጅ የሚስብ ሰው የለም። ቀለል ያሉትን ተኳሹ በሰደፉ የፊት ጫፍ ባለው እርካብ እግሩን አስገብቶ፣ በወገብ ቀበቶው ላይ በተሰቀለ መንጠቆ ጅማቱን ይዞ ቀና በማለት ይወጥራቸዋል፤ ከባዶቹን ግን በገመድና በሚዞር እጀታ ነው። ሌላም ኪሳራ አለ፦ ከባዱ የብረት ክንድ ራሱ ሲፈናጠር ጉልበት ይበላል፤ ስለዚህ ከተጠራቀመው ውስጥ ለፍላጻው የሚደርሰው ድርሻ ከቀላል የእንጨት ቀስት ያንሳል።

ታዲያ ለምን ተወደደ? በእኔ አስተያየት መልሱ ጥርሱ ላይ ነው። ተራ ቀስት ወጥራችሁ ስታነጣጥሩ 25ቱን ኪሎ የያዙት ጣቶቻችሁና ጀርባችሁ ናቸው፤ ጥቂት ሰከንድ ሲቆይ ክንድ ይንቀጠቀጣል፣ ፍላጻውም ይስታል። ያን ጡንቻ ለማጠንከር ዓመታት ይፈጃል። ባለቃታው ግን ጭነቱን ራሱ ይሸከማል፤ እናንተ ሰደፉን ትከሻችሁ ላይ አስደግፋችሁ ተረጋግታችሁ ታነጣጥራላችሁ። ጠመንጃ የያዘ ሰው ቶሎ ይለምደዋል። ዋጋው ፍጥነት ነው፤ የባለቃታው ተኳሽ ከባዱን ጅማት መልሶ እስኪወጥር ቀስተኛው ብዙ ፍላጻ ወርውሮ ይጨርሳል።

አያያዛቸው በአንድ ነገር ይመሳሰላል፣ በሌላው ይለያል። ሁለቱንም ወጥራችሁ ያለ ፍላጻ አትልቀቁ፤ ጉልበቱን የሚወስድ ነገር ስለሌለ ወደ ክንዶቹና ወደ ጅማቱ ተመልሶ ይሰነጥቃቸዋል። የጥጡ ደጋን በባዶው ቢመታም የማይሰበረው በጣም ትንሽ ስለሚሳብ ነው። ተራ ቀስትን ወጥሮ የቆመ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ቀስ አድርጎ ጅማቱን ይመልሰዋል። ባለቃታውን ግን ጥርሱ ስለያዘው በእጅ መመለስ አይቻልም፤ የተለመደው መንገድ ለዚሁ የተያዘ አሮጌ ፍላጻ ለስላሳ አፈር ውስጥ መተኮስ ነው። የግራ እጅ አውራ ጣትም ከሰደፉ በላይ ብቅ ካለ ጅማቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነውና ይቆረጣል።

ባለቃታው አንድ ድብቅ ችግር አለው። ሲወጠር አንዱ ጎን ከሌላው ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ሁለቱ ክንዶች እኩል አይገፉም፤ ፍላጻው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ተኳሹ ዓይኑን ወይም ማነጣጠሪያውን ይጠረጥራል። ማወቂያው ቀላል ነው፦ ጅማቱ ሳይወጠር፣ ከሰደፉ ግራና ቀኝ ልክ በሚነካበት ቦታ በቀለም ምልክት ይደረግበታል፤ ከተወጠረ በኋላ ሁለቱ ምልክቶች ከሰደፉ እኩል ካልራቁ ወጠራው ተዛብቷል ማለት ነው፤ መንጠቆውን አስተካክሎ እንደገና መሳብ ነው።