«ጨጓራ አለብኝ»

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ ሆዱን ይዞ ቢያቃስት ብዙዎች አይደነግጡም። «ጨጓራ አለበት» ይባላል፤ በዚያው ያበቃል። ጨጓራ የሌለው ሰው እንደሌለ ይታወቃል፤ ቃሉ ግን በአገሩ አነጋገር የአካል ክፍልም የበሽታም ስም ሆኗል። ቃሩ፣ መነፋቱ፣ ማቅለሽለሹ፣ ቁስለቱም፣ ካንሰሩም መጀመሪያ የሚጠሩት በዚሁ አንድ ስም ነው። የጨጓራ ካንሰር ዘግይቶ የሚገኝበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም መዘግየቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የመዘግየቱን መንገድ ለማየት ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ የሚኖሩ አንድ የ52 ዓመት ገበሬ እናስብ። ከእንብርታቸው በላይ ማቃጠል ሲጀምራቸው በርበሬና ቡና ተዉ፤ ባለቤታቸው አብሽና ተልባ አዘጋጁላቸው። አልሻል ሲላቸው ከመድኃኒት ቤት ኦሜፕራዞል ገዙ፤ በሳምንት ውስጥም ቀለል አላቸው። ከወራት በኋላ ሕመሙ ሲመለስ ያንኑ መድኃኒት ገዙ። ቀጥለው ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ «ባክቴሪያ ተገኝቷል» ተብለው የ14 ቀን መድኃኒት ወሰዱ። እንደገና ተሻላቸው።

እንግዲህ አደገኛው ይህ መሻል ነው። ኦሜፕራዞል የጨጓራን አሲድ ይቀንሳል፤ አሲዱ ሲቀንስ በካንሰር ላይ የተፈጠረ ቁስል እንኳ ከላይ ከላይ ሊደርቅ፣ ሕመሙም ሊበርድ ይችላል። ሥሩ ግን ወደ ግድግዳው ጠልቆ ማደጉን አያቆምም። ጨጓራ ደግሞ ሰፊና ተለጣጭ ከረጢት ስለሆነ ትንሽ ዕጢ ቦታ አይጠበውም፤ በውስጠኛው ሽፋን ላይ ብቻ ያለ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ምንም ስሜት አይሰጥም።

የገበሬውን መለወጥ ያሳየው ሕመሙ ሳይሆን ማዕዱ ነበር። እንጀራ ይጨርሱ የነበሩት ሰው በጥቂት ጉርሻ «ጠገብኩ» ማለት ጀመሩ። ቀበቷቸው ሁለት ቀዳዳ ገባ። ኋላም ቀን የበሉትን ማታ ሳይፈጭ ማስታወክ መጣ፤ የጨጓራው መውጫ መጥበቡን የሚናገር ምልክት ነው። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራና ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስም የዚሁ ወገን ናቸው። እነዚህ የታዩበት ሰው፣ በተለይ ከ50 ዓመት በላይ ከሆነ፣ የሚያስፈልገው ሌላ እሽግ መድኃኒት ሳይሆን ኢንዶስኮፒ ነው።

ኢንዶስኮፒ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ነው። ታማሚው ሳይበላ ይመጣል፤ ምርመራው ራሱ ከሩብ ሰዓት ብዙ አያልፍም። ሐኪሙ አጠራጣሪ ቁስል ካየ ከጠርዙ ከ6 እስከ 8 ትንንሽ ናሙና ቆንጥሮ ለፓቶሎጂ ይልካል፤ አንድ ብቻ ከተወሰደ ካንሰሩ ሊያመልጥ ይችላል። ይህ መሣሪያ ግን በጤና ጣቢያ የለም። የደቡብ ወሎ ገበሬ ሊያገኘው ደሴ መውጣት አለበት፤ ደሴ ካልተሳካ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሆስፒታል የሕክምና ዕቃዎች ሲዘረፉ ደግሞ የዞኑና የአጎራባች አካባቢዎች ሕመምተኞች መጠጊያ አብሮ ነው የተጎዳው።

መነሻውስ? ዋናው ተጠያቂ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ በተለምዶ «የጨጓራ ባክቴሪያ» የሚባለው ነው። አውስትራሊያውያኑ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል አግኝተውት እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል ተሸልመውበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። በኢትዮጵያ ግማሽ ያህሉ ሰው እንደሚሸከመው ይገመታል። አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት፣ ከቤተሰብ ሰው ይተላለፋል፤ የቤት መጣበብና የንጹሕ ውኃ እጥረት ያግዙታል። ከዚያ ለአሥርት ዓመታት ሽፋኑን ሲያስቆጣ ይኖራል፤ ሽፋኑ ይሳሳል፣ ሴሎቹ የአንጀት ሴል መምሰል ይጀምራሉ፣ በጥቂቶች ላይም ወደ ካንሰር ይሻገራሉ። ከ100 ተሸካሚዎች ካንሰር የሚደርስባቸው ከ1 እስከ 3 ቢሆኑ ነው። ሲጋራ፣ በጨው ብዛት የቆየ ምግብ፣ ከወላጅ ወይም ከወንድምና እኅት በበሽታው የተያዘ መኖሩ አደጋውን ይጨምራሉ። ሁሌ የሚወቀሱት በርበሬና ቡና ቃሩን ሊያባብሱ ይችላሉ እንጂ እንደ ባክቴሪያው የተረጋገጠ ጥፋት የለባቸውም።

በደቡብ ኮሪያ ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በየሁለት ዓመቱ እንዲመረመር መንግሥት ያመቻቻል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነውም ካንሰር ገና ሽፋኑ ላይ ሳለ ይያዛል። በዚያ ደረጃ ከተያዙት ከ100 ከ90 በላይ አምስት ዓመትን ይሻገራሉ። ለደቡብ ወሎ እንዲህ ያለ ሰፊ ምርመራ ዛሬ የሚቻል አይመስልም። የሚቻለው ከታማሚው ቤት መጀመር ነው። በዚያው በኮሪያ የታማሚዎች የቅርብ ዘመዶች ባክቴሪያው ሲጠፋላቸው በካንሰሩ የመያዝ ዕድላቸው ከግማሽ በላይ ቀንሷል።

ስለዚህ የገበሬው ኢንዶስኮፒ ካንሰር ካሳየ ልጆቻቸውም መጠራት አለባቸው። የሚበጃቸው የሰገራ ምርመራ ነው፤ የደሙ ምርመራ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል። ከተገኘባቸው መድኃኒቱን ጨርሰው፣ ቢያንስ አራት ሳምንት ቆይተው፣ ከመመርመራቸው ሁለት ሳምንት በፊት ኦሜፕራዞል አቁመው፣ መጥፋቱን በዚያው በሰገራ ምርመራ ያረጋግጣሉ።