ሆስፒታል ለተኛ ጃፓናዊ ወዳጅ የሚላክ መልእክት

“እግዜር ይማርህ” በአማርኛ ለጉንፋንም ለቀዶ ሕክምናም ይበቃል። ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ግን ለሞት ፍርደኛ የሚባለውን ይመስላል። ጃፓናዊ ወዳጅ ሲታመም ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ እዚያ በሽተኛ መጠየቅ “ኦሚማይ” የሚባል የራሱ ወግ አለው።

የጃፓን ደብዳቤ እንደ ልማዱ ስለ ወቅቱ አየር በማውሳት ይጀምራል። የኦሚማይ ደብዳቤ ይህን ዘሎ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይገባል፤ ወዳጁ ታሞ ስለ አየር ማውራት ግድ የለሽነት ነውና። የሚሸሹ ቃላትም አሉ። “ታቢታቢ” ማለትም “ደጋግሞ”፣ “ካሳኔጋሳኔ” ማለትም “በላይ በላዩ” በሽታው እንዲመለስ የሚጋብዙ ይመስላሉ። በዚሁ ምክንያት ከፊርማው በታች “ይህን ረስቼ” ብሎ መስመር መጨመርም ነውር ነው። ስለ ሕመሙ ዝርዝር አይጠየቅም። “በርታ፣ ታገል” ማለትም አይመከርም፤ በሽተኛው እየታገለ ነው፣ የሚያስፈልገው እረፍት ነው።

ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ላስወጣ የሥራ ባልደረባ የሚላክ መልእክት በአማርኛ ሲነበብ ይህን ይመስላል፦ “ሆስፒታል መግባትህን ስሰማ ደነገጥኩ፤ ቀዶ ሕክምናው በሰላም ማለቁን ስሰማ ደግሞ እፎይ አልኩ። ሥራህን ተካፍለነዋል፣ ስለሱ አታስብ። ሳትቸኩል አገግም። ከቢሮው አጠገብ ያለው ራመን ቤት ባለቤት የት ጠፋ እያሉ ይጠይቁሃል፤ ስትድን አብረን እንሄዳለን። መልስ ለመጻፍ አትድከም። ኦዳይጂ ኒ።”

ሐዘኔታው በሁለት ዓረነገር አልቋል፤ ከዚያ ከረዘመ በሽተኛው ሕመሙ ከነገሩት የባሰ መስሎት ይጠረጥራል። ፈገግታው የመጣው ከራመን ቤቱ እንጂ ከሕመሙ አይደለም። በተሰፋ ሆድ ላይ መቀለድ የበሽተኛው መብት ነው፤ እሱ ከጀመረው መሳቅ ይቻላል። ሕመሙ የከፋ ወይም ገና ያልታወቀ ከሆነ ግን የራመን ቤቱ ወሬ ይቅር፣ “ስትድን” የሚለውም አይባል። “ኦዳይጂ ኒ” “ራስህን ጠብቅ” እንደ ማለት ነው፤ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛም መድኃኒት ሲሰጥ የሚለው ይህንኑ ነው።

ከመልእክቱ ጋር አበባ የሚላክ ከሆነ ከነአፈሩ በሸክላ የተተከለ አይሁን። ሥር ሰደደ የሚለው “ኔዙኩ” ታሞ አልጋ ላይ ቀረ ከሚለው “ኔትሱኩ” ጋር በድምፅ ይቀራረባል። አራትና ዘጠኝ ቁጥርም ይቀራል፤ አራት ሲጠራ “ሺ” ሞትን፣ ዘጠኝ ሲጠራ “ኩ” ስቃይን ያስታውሳል። ብዙ ሆስፒታሎች አበባን ጭራሹን ስለማያስገቡ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

የዳነ ሰው በፈንታው ለጠየቁት ሁሉ “ካይኪ ኢዋይ” የሚባል የመልስ ስጦታ ይልካል። ሳሙና ወይም ስኳር የሚመረጠው ተጠቅመውበት ስለሚያልቅ፣ በሽታውም አብሮ እንዲያልቅ ነው። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከተቀበለው ከሲሶ እስከ ግማሽ ስለሚደርስ ውድ ስጦታ የላከ ሰው ወዳጁን ወጪ ያስወጣዋል።